ነገ ጠዋት ሪፖርት አለብኝ፣ ራሴ ያዘጋጀሁት በፈር ግን ጉድ ሠራኝ (ሐዋሳ፣ የፍሎራይድ ልኬት)

ታቦር_ሥር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ነኝ፣ የአራተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ተማሪ። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሪፖርት አስረክባለሁ። አሁን ግን በእጄ ያለው ቁጥር ለሰው የሚሰጥ አይደለም።

ሥራዬ በከተማው ዙሪያ ካሉ 12 ጉድጓዶች የቀዳሁትን ውሃ ፍሎራይድ በኤሌክትሮድ መለካት ነው። ከሁለት ወር በፊት ሦስቱን ለሙከራ ለክቻቸው ነበር። ያኔ የተገዛ ቲሳብ፣ ማለት ፍሎራይድ ሲለካ ናሙናው ላይ የሚጨመረው በፈር፣ ነበረን። አሁን አልቋል፣ ግዢው ደግሞ የሚደርስ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት ራሴ 500 ሚሊ ሠራሁ። ግላሻል አሴቲክ አሲድ 28.5 ሚሊ፣ ሶዲየም ክሎራይድ 29 ግራም፣ ሲዲቲኤ 2 ግራም ጨመርኩ። ከዚያ ፒኤቹን ከ5 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ አድርጌ በዲስቲልድ ውሃ 500 ላይ ሞላሁት። የፒኤች መለኪያው 5.3 ነበር ያነበበው።

ስታንዳርዶቹ ከ0.5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ናቸው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ስሎፑም 58 ሚሊቮልት። በዲስቲልድ ውሃ የሠራሁት ባለ 2 መቆጣጠሪያ 2.02 አነበበ። እጅግ ደስ ብሎኝ ወደ ናሙናዎቹ ሄድኩ።

ሁለት ወር በፊት 2.4 የነበረው ጉድጓድ 3.3 አለ። 3.9 የነበረው 6.9 አለ። 6.1 የነበረው ደግሞ 12.6፣ ከስታንዳርዶቼም በላይ ወጣ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ በ1 ሚሊቮልት እንኳን አይለያዩም። የግቢው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው ደህና የሆነው። ድሮ 0.9፣ አሁን 1.0።

ስታንዳርዱ ልክ፣ መቆጣጠሪያው ልክ፣ ናሙናው ብቻ የተሳሳተ። ይህ እንዴት ይሆናል? ጥበቃው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ እንድቆይ ፈቅደውልኛል። የምታውቁ እባካችሁ።

---

ፒኤች_ሰባት · 2:58

ወንድሜ ይሄ ቀላል ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ አልካላይን ነው፣ ባይካርቦኔት ሞልቶበታል። ሃይድሮክሳይድና ፍሎራይድ መጠናቸው ስለሚቀራረብ ኤሌክትሮዱ አንዱን ከሌላው አይለይም። ስለዚህ ሃይድሮክሳይዱንም ፍሎራይድ ነው ብሎ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዲስቲልድ ውሃ በሠራሃቸው ላይ ባይካርቦኔት ስለሌለ እነሱ ደህና ሆኑ። በፈርህ ደካማ ነው፣ አሲዱን ጨምር።

---

ታቦር_ሥር · 3:04

አመሰግናለሁ። አባባልህ ከቁጥሮቹ ጋር ይሄዳል። ከናሙናው 10 ሚሊ፣ ከቲሳቡ 10 ሚሊ ስቀላቅል ትንንሽ አረፋ ይወጣል። ቢከሩ ግድግዳ ላይ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ እንደሚታየው ጠብ ጠብ ብሎ ይጣበቃል። በ12.6ቱ ናሙና ላይ በጣም ይበዛል፣ በቧንቧው ውሃ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ግን አሲድ ልጨምር ብልም ግላሻሉ አልቋል፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ነው የተጠቀምኩት።

---

ወንጂ_ያደግሁ · 3:09

ስለ ፍሎራይድ የምታወሩ ሰዎች በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እኔ አዳማ አጠገብ ወንጂ ነው ያደግሁት። የእኛ ዘመን ልጆች ጥርሳችን ቡናማ ነው። አሁን ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷን ስታበቅል አይኔ እዚያ ላይ ነው። የምንጠጣውን ውሃ ሁልጊዜ አፍልቼ ነው የምሰጣት። ፍሎራይዱ ይወጣል አይደል?

---

ጄል_ሯጭ · 3:15

አረፋው ኤሌክትሮዱ ፊት ላይ ከተቀመጠ ንባቡ ይዋዥቃል። አንተ ግን በ1 ሚሊቮልት እንኳን አይለያይም ብለሃል፣ ስለዚህ አረፋው አይመስለኝም።

እኔ ባዮቴክኖሎጂ ነኝ፣ ስለ ፍሎራይድ የማውቀው የለም። ግን ራሴ በሠራሁት በፈር ተቃጥዬ አውቃለሁና አንዱን ልጠይቅህ። ባለፈው ዓመት ለጄል የሚሆን ኢዲቲኤ ሳዘጋጅ ዱቄቱ አልሟሟ አለኝ። ማግኔቱ ለሁለት ሰዓት ሲያማስል ዋለ፣ ውሃው እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዱቄቱ ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ስል የቀደመችኝ ተማሪ መጥታ «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሪበት» አለችኝ። ፒኤቹ ወደ 8 ሲጠጋ ዓይኔ እያየ ጠራ። ለካ ዱቄቱ ነበር ፒኤቹ ገና ነው ሲለኝ የነበረው። ሲዲቲኤ የእሱ ዘመድ ይመስለኛል። የአንተው ሟሟ?

---

ታቦር_ሥር · 3:19

ሙሉ በሙሉ አልሟሟም። ከታች ነጭ ነገር ዘቀጠ። ቆሻሻ መስሎኝ በፊልተር ወረቀት አጠለልኩት።

---

የ30ዓመት_ላብ · 3:31

ልጄ፣ ረጋ በል። ናሙናህ አልተበላሸም፣ ኤሌክትሮድህም ደህና ነው። ሦስት ነገር መልስልኝ።

አንደኛ፣ ፒኤቹን ለማስተካከል ምን ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመርክ? ሁለተኛ፣ ስትጨምር ቢከሩ ሞቀ? ሦስተኛ፣ መለኪያውን በስንት በፈር ካሊብሬት አደረግከው?

ጄል ሯጯ እህታችን የጠየቀችው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ነው። እኔም የምጠረጥረው ያንኑ ነው።

---

ታቦር_ሥር · 3:36

የጨመርኩት ሦስት ጠብታ ብቻ ነው። ገና ኤሌክትሮዱን ስነክረው 5.2 አለ፣ ሦስት ጠብታ ሳደርግ 5.3 ሆነ፣ አቆምኩ። አልሞቀም። ካሊብሬሽን አልሠራሁም፣ የካሊብሬሽን በፈሮቹ ጊዜያቸው አልፏል። መለኪያው ግን ቶሎ ነው የሚረጋው፣ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም።

---

የ30ዓመት_ላብ · 3:52

እንግዲያው ተገኘ። አንተ የሠራኸው በፈር አይደለም፣ ጨው የገባበት አሴቲክ አሲድ ነው።

ስሌቱን አብረን እንየው። በ500 ሚሊ ውስጥ 28.5 ሚሊ ግላሻል ካለ አሲዱ 1 ሞላር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ አሲድ ብቻውን ሆኖ ፒኤቹ 2.4 አካባቢ ነው። 5.2 ላይ ለማድረስ ከአሲዱ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ወደ አሴቴት መለወጥ አለበት። ለ500 ሚሊ ወደ 15 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል። በባለ 5 ሞላሩ ከሆነ 73 ሚሊ ያህል ነው። ሦስት ጠብታ የትም አያደርስህም። ቲሳብ በእጄ ስሠራ ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ነው፣ አለዚያ እጅ አያስነካም። «ሞቀ ወይ» ያልኩህ ለዚህ ነው። ነጩ ዝቃጭም ሲዲቲኤህ ነው፣ አሲድ ውስጥ አይሟሟም። ሁለት ምስክር ቀርቦልህ ሳለ ሦስተኛውን፣ መለኪያውን፣ አመንክ።

አሁን ለምን ስታንዳርዱ ልክ መጣ ላልከው። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ነፃውን ፍሎራይድ ብቻ ነው። በአሲድ ውስጥ ፍሎራይድ ከሃይድሮጅን ጋር ይያያዝና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሆናል፣ እሱን ክሪስታሉ አያየውም። በአንተ ስታንዳርዶች ውስጥ ፒኤቹ 2.5 ገደማ ነው። እዚያ ላይ ከአምስት ፍሎራይድ አንዱ ብቻ ነው ነፃ የሆነው። ግን በሁሉም ስታንዳርድ ውስጥ ያው አንድ አምስተኛ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ስሎፑም ያምራል፣ ዝቅ ያለ መሆኑን የሚነግርህ የለም። መቆጣጠሪያህም በዲስቲልድ ውሃ የተሠራ ስለሆነ ከእነሱ ጋር አብሮ ተሳስቶ ልክ መሰለ።

የጉድጓዱ ውሃ ሲገባ ግን ባይካርቦኔቱ አሲዱን ይበላል። አረፋ ያልከው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሴቴት የሌለበት አሲድ ፒኤቹን መያዝ አይችልም። ውሃው በሊትር 10 ሚሊ ኢኩቫለንት ያህል አልካሊኒቲ ካለው ፒኤቹ ከ2.5 ወደ 2.9 ያህል ይወጣል። ሲያዩት ትንሽ ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ ነፃው ፍሎራይድ ከአምስት አንዱ መሆኑ ቀርቶ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ኤሌክትሮዱም አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ አድርጎ ያነብልሃል። እውነተኛ ቲሳብ ቢሆን ኖሮ ያው ውሃ ፒኤቹን በ0.03 እንኳን አያነቃንቀውም ነበር።

ፒኤች ሰባት፣ ባይካርቦኔቱን ያየህበት ዓይን ትክክል ነው። ግን በዚህ ቢከር ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የሚባል ነገር የለም፣ በጣም አሲዳማ ነው። የሃይድሮክሳይድ ችግር ፒኤች ከ8 በላይ ሲሆን ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ አሲድ መጨመሩ ነገሩን አይፈታውም ነበር። የጎደለው ቤዝ ነው።

---

ፒኤች_ሰባት · 3:58

ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። መለኪያው ባይሠራ ኖሮ ዝም ብሎ የማይሆን ቁጥር አያሳይም ነበር? 5.2 በጣም የሚታመን ቁጥር ነው።

---

የ30ዓመት_ላብ · 4:03

የብርጭቆው አምፖል ከተሰነጠቀ ምን ውስጥ ብትነክረው ያው አንድ ቁጥር ነው የሚሰጥህ። ታቦር ሥር «ቶሎ ይረጋል» ያለው ራሱ ምልክት ነው፣ ያረጀ ኤሌክትሮድ ቶሎ አይረጋም። ልጄ፣ አንድ የቧንቧ ውሃና አንድ ሎሚ ፈልግ። ሁለቱም ውስጥ ንከረውና ቁጥሩን ጻፍልን።

---

ታቦር_ሥር · 4:21

ጥበቃው ጋሼ ለሻያቸው ያስቀመጡትን ሎሚ ሰጡኝ። ግማሹን ትንሽ ቢከር ውስጥ ጨምቄ ነከርኩት።

የቧንቧ ውሃ 5.4።
ሎሚ 5.2።
የሠራሁት በፈር 5.3።

ብርሃን ላይ አድርጌ አምፖሉን አየሁት። ከጎኑ የፀጉር ያህል የምትሆን ስንጥቅ አለች። ጣቴን ሳሳልፍባት አትሰማኝም፣ ወደ መብራቱ ሲዞር ግን ትበራለች። ከሰዓት ይህን ሁሉ ሰዓት ሳቀላቅል አላየኋትም።

እትዬ አሁን ምን ላድርግ? ግላሻል የለኝም፣ የሚሠራ የፒኤች መለኪያ የለኝም። ያለኝ የተጠለለው በፈር 350 ሚሊ ያህል፣ ሲዲቲኤ፣ እና የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠርሙስ ነው። እሱም ክዳኑ ክፍት ቆይቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ እርጥበት ጠጥቷል።

---

ቁጥር_ወዳጅ · 4:26

ለምን አዲስ ልኬት ያስፈልጋል? ሦስቱን ጉድጓዶች በትክክለኛው ቲሳብ ለክተሃቸዋል። የአሁኑን በድሮው ብታካፍል የስህተቱን ማባዣ ታገኛለህ። ከዚያ የቀሩትን ዘጠኙን በዚያ ማባዣ ማካፈል ነው። በ20 ደቂቃ ታልቃለህ፣ ትተኛለህ።

---

ጄል_ሯጭ · 4:30

ማባዣው አንድ ከሆነ ነው እኮ ይሄ የሚሠራው። በራሱ ቁጥር ብናካፍል ቧንቧው 1.1፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ 1.4፣ ሁለተኛው 1.8፣ ሦስተኛው 2.1 ነው። አራት ውሃ፣ አራት ማባዣ። የቀሩት ዘጠኙ የትኛውን እንደሚከተሉ በምን ይታወቃል?

---

ቁጥር_ወዳጅ · 4:34

የእያንዳንዱን አልካሊኒቲ ታይትሬት ቢያደርግስ? ማባዣው ከአልካሊኒቲ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ከርቩን መሥራት ይቻላል።

---

የ30ዓመት_ላብ · 4:41

በሐሳብ ደረጃ ይቻላል። ግን ከቧንቧው ጋር 13 ታይትሬሽን ሊሠራ ነው፣ ከዚያ ደግሞ በአራት ነጥብ ላይ የቆመ ከርቭ። በፈሩን ማዳን ከዚያ ያነሰ ሥራ ነው፣ ሲጠየቅም የሚመልሰው አለው።

ታቦር ሥር፣ መለኪያ ስለሌለህ አትፍራ። የአሴቴት በፈር ደግ ነው። 350 ሚሊህ ውስጥ ፒኤች 5 ላይ ለመድረስ 9 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 5.5 ላይ ለመድረስ 11.8 ግራም ያስፈልጋል። መሀሉ ሰፊ ነው። 10.5 ግራም ብትመዝን፣ እርጥበቱ አንድ አሥረኛውን ቢወስድብህ እንኳን ውስጥ ነህ። ለሌላ በፈር ይህን አልመክርህም፣ ለዚህኛው ግን ሚዛን ከተሰበረ መለኪያ ይሻላል።

መነጽርና ጓንት አድርግ። 10.5 ግራሙን 40 ሚሊ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት አሟሟ፣ ይፈላብሃል፣ ቸኩለህ አትጨምር። ሲበርድ ሲዲቲኤ 1.4 ግራም በፈሩ ላይ ነስንስ። በፈሩን ከነቢከሩ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጥና ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን እያማሰልክ በቀስታ አፍስስ። ዱቄቱ እየጠፋ ይሄዳል፣ እሱ ነው መለኪያህ። የፒኤች ወረቀት ካለም በመጨረሻ ንካው።

በፈሩ ከታሰበው ትንሽ ቀጠነ ብለህ አትጨነቅ። ስታንዳርዱም ናሙናውም ከዚያው በፈር እኩል 10 ሚሊ እስከወሰዱ ድረስ ልዩነት አያመጣም። ስታንዳርዶቹን ግን ሁሉንም እንደገና ታነባለህ። የዛሬው መስመር ዋጋ የለውም።

አንድ ፈተና ልስጥህ። የባለ 1ዱ ስታንዳርድ ንባብ ዛሬ ስንት ሚሊቮልት ነበር? በፈሩ ከተስተካከለ ከዚያ ላይ 40 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። የላቡን መዝገብ ገልብጥ፣ የድሮውን ታገኘዋለህ።

---

ታቦር_ሥር · 4:47

ዛሬ 141 ነው። መዝገቡ ላይ ሁለት ወር በፊት በራሴ እጅ 98 ብዬ ጽፌዋለሁ። ከሰዓት ይህን ገጽ ከፍቼ ነበር፣ ስሎፑን ብቻ አይቼ ዘጋሁት። ልጀምር።

---

ወንጂ_ያደግሁ · 4:50

ጥያቄዬ ተረሳ መሰለኝ። ሥራ ላይ እንዳላችሁ አያለሁ፣ ሲመቻችሁ።

---

የ30ዓመት_ላብ · 4:58

አልተረሳም እህቴ። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፣ ብዙ ካፈላሽው ጭራሽ ይጠናል። ማፍላቱ ለጀርም ይሁን፣ ለፍሎራይድ ግን ሌላ መላ ነው። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ይይዘዋል፣ ግን ይጠግባልና በየጊዜው መቀየር አለበት። የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው፣ በንጹህ ዕቃ ከተጠራቀመ ለልጅሽ መጠጥ መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን የምትጠጡትን አስለኪው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግሽም። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ስለሆነ አሁን ማሰብሽ ጥሩ ነው።

---

ወንጂ_ያደግሁ · 5:02

እግዜር ይስጥልኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ሳፈላ ኖሬያለሁ። ነገ ውሃውን ይዤ እሄዳለሁ።

---

ታቦር_ሥር · ከሌሊቱ 6:25

ሳፋ ከዶርም አምጥቼ ነው የሠራሁት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ እንደ ድንጋይ ተጣብቆ ስለነበር በማንኪያ እየፈነቀልኩ 10.6 ግራም መዘንኩ።

ማፍሰስ ስጀምር ሲዲቲኤው እንደ ዱቄት ከላይ ተንሳፎ፣ ከታችም ዘቅጦ ነበር። ግማሹ ድረስ ምንም ለውጥ የለም። ቢከሩ ሞቀ፣ የኮምጣጤው ሽታ ተነሳ፣ የሳፋውን ውሃ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ከግማሽ በኋላ ደመናው ከዳር እየሳሳ መጣ። ወደ መጨረሻው ላይ ማግኔቱ ሲዞር ከላይ ሆኜ ጥርት ብሎ አየሁት። የፒኤች ወረቀቱ 5 እና 6 መካከል ነው። ጓደኛዬ አብራኝ ነበረች፣ እሷም እንደዚያው ነው ያነበበችው።

ባለ 1ዱ ስታንዳርድ 99 ሚሊቮልት።

እትዬ፣ 40 ይወርዳል ብለውኝ 42 ወረደ። ስታንዳርዶቹን ጨርሻለሁ፣ ስሎፑ ያው 58 ነው። አሁን ወደ ናሙናዎቹ።

---

ጄል_ሯጭ · 6:31

ጠራ ያልክበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በርታ።

---

ታቦር_ሥር · ከሌሊቱ 9:10

ሁሉንም ጨረስኩ። ጥበቃው ጋሼ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፣ ባጭሩ ልጻፍ።

አረፋው አሁንም ይወጣል፣ ትንሽ ነው ግን አለ። ንባቡን አይነካም። ቧንቧው 0.9። የመጀመሪያው ጉድጓድ 2.5፣ ድሮ 2.4 ነበር። ሁለተኛው 3.8፣ ድሮ 3.9 ነበር። ሦስተኛው ግን 7.2 ነው፣ ድሮ 6.1 ነበር። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ 7.1፣ 7.2፣ 7.2። ከሁለተኛው ጠርሙስም ቀድቼ አየሁት፣ ያው ነው።

ይህን አንድ ጉድጓድ ምን ብዬ ልጻፈው?

---

ፒኤች_ሰባት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:50

ሁለት ወር ውስጥ ዝናቡ ቆሟል። ውሃው ወርዶ ከታች ካለው ድንጋይ ጋር ብዙ የቆየው እየተቀዳ ይሆናል። ጉድጓድ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አይሰጥም።

---

የ30ዓመት_ላብ · 1:15

ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ልኬትም ሊሆን ይችላል የተሳሳተው፣ ያኔ ስንት ጊዜ ደገምከው? ከ20 በመቶ ወዲህ ያለ ልዩነት ነው፣ በአንድ ቀድ ላይ ቆሜ ይህ ነው አልልህም። ሁለቱንም ቁጥር ከነቀናቸው ጻፍ፣ አታስታርቃቸው። በዘዴው ክፍል ላይም የመጀመሪያው በፈር ለምን እንደተጣለ፣ ሁለተኛው በሚዛን ተሰልቶ በወረቀት እንደታየ፣ የፒኤች መለኪያው እንደተሰነጠቀ በግልጽ አስቀምጠው። የ141 እና የ99ን ንባብ ጎን ለጎን አድርግ። የሚያውቅ ሰው ከእሱ በላይ ማስረጃ አይፈልግም።

ቁጥር ወዳጅ ከተናገረው አንዱን ደግሞ አልጥለውም። አልካሊኒቲ ብትለካ ኖሮ ገና ከመጀመሪያው የትኛው ናሙና እንደሚያስቸግርህ ታውቅ ነበር።

---

ቁጥር_ወዳጅ · 1:22

አመሰግናለሁ እትዬ። እኔ አሁንም ከርቩ ይሠራል ባይ ነኝ። የ12ቱን አልካሊኒቲ ካገኘህ የማክሰኞውን የተሳሳተ ንባብ ከትክክለኛው ጋር አስተያይቼ አሳይሃለሁ። ቁጥሮቹን አትሰርዛቸው።

---

ታቦር_ሥር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

አስረከብኩ። መምህሬ የዘዴውን ገጽ ቆም ብለው አነበቡት። 7.2 ላይ ደርሰው «ያኔ ስንቴ ደገምክ?» አሉኝ። አንዴ ብቻ ነበር፣ እንደዚያው ነገርኳቸው። ለዚያ ጉድጓድ ሌላ ቀድ አምጣ ብለውኛል፣ የቀረው አልፏል።

የተሰነጠቀውን ኤሌክትሮድ ለላብ ረዳቱ ሰጠሁት። ከጎኑ ወረቀት ለጥፌበታለሁ፣ «ሎሚ ውስጥ 5.2 ያነበበ» ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጉድጓዱ እሄዳለሁ። በዚያው የ12ቱንም አልካሊኒቲ መሥራት አስቤያለሁ፣ ለቁጥር ወዳጅም እልክለታለሁ። የእኛ ላብ ያለው ቢዩሬት አንድ ብቻ ነው፣ ቧንቧውም ያንጠባጥባል። ሐዋሳ ያላችሁ፣ ለቅዳሜ ከሰዓት ባለ 25 ሚሊ ቢዩሬት የምታውሱኝ ካላችሁ ጻፉልኝ።

---

ጄል_ሯጭ · 7:55

እኛ ጋር አለ። ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ና፣ ከረዳቱ ጋር እነጋገራለሁ። ሲዲቲኤም ከተረፈህ ትንሽ አምጣልኝ፣ ከኢዲቲኤው ጎን ሳሟሟው ማየት እፈልጋለሁ።